የተባለው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ፦ ኢንተርንሺፕን በመሃል አቋርጦ መውጣት እንዴት ይታያል?

ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ መሥሪያ ቤቶች በሚወጡበት ሰሞን ባሕር ዳር ላይ አንድ ክርክር ይነሳል። ዲዛይን ሊማር የሄደ ልጅ ፎቶ ኮፒ ሲያነሳ ይውላል። ሒሳብ ሊሠራ የሄደ ሌላው ፋይል ይደረድራል። ጉዳዩ ሲወራ ሰው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ምን አስቀመጠህ? ጥለህ ውጣ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሁላችንም እንዲህ ነው የተማርነው፤ ቻለውና ውጤትህን ያዝ» ይላል።

ሁለቱም ምክር አንድ ነገር ይዘላል። አቋርጦ መውጣት የሚያስጠይቀውም የማያስጠይቀውም በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ልምምዱ የቆመበት የስምምነት ዓይነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተለማማጁ ከመውጣቱ በፊት ችግሩን በጽሑፍ አሳውቆ፣ ለማስተካከያ ጊዜ ሰጥቶ ነበር ወይ የሚለው ነው። በብዛት ነገር የሚበላሸው በሁለተኛው ላይ ነው። ልጁ እውነት ይዞ ይወጣል፤ ግን እውነቱን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት አይኖረውም።

አንድ ስም፣ ሦስት ዓይነት ስምምነት

ኢንተርንሺፕ ስንል ተማሪ ወይም አዲስ ምሩቅ የተማረውን በእውነተኛ የሥራ ቦታ ለተወሰነ ጊዜ የሚለማመድበትን አሠራር ነው። በአፍ ሁሉም «ኢንተርን ነኝ» ይላል። በወረቀት ላይ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው በዩኒቨርሲቲ በኩል የሚመጣው ነው። በኢንጂነሪንግ ትምህርት ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ዓመት ላይ ይውላል። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፣ ድርጅቱ ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርማል፣ በመጨረሻ ውጤት ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለውም፤ ቢኖርም የትራንስፖርትና የምሳ ያህል ነው።

ሁለተኛው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአንቀጽ 48 እስከ 52 የተደነገገው የሙያ ልምምድ ውል ነው። ብዙዎች አፕረንቲስሺፕ የሚሉት ይህንን ነው። አሠሪው አንድን ሙያ በተሟላና በተከታታይ መንገድ ሊያስተምር፣ ተለማማጁም መመሪያ ተቀብሎ ሊሠራ የሚስማሙበት ውል ነው። ይህ ውል የሚጸናው በጽሑፍ ሲሆንና የሠራተኛ ጉዳይን የሚመለከተው የመንግሥት አካል ሲያረጋግጠው ነው። የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ በውሉ ላይ መስፈር አለባቸው።

ሦስተኛው በስሙ ኢንተርንሺፕ፣ በተግባሩ ቅጥር የሆነው ነው። የተመረቀ ልጅ «ለስድስት ወር ኢንተርን ትሆናለህ» ይባላል። ሰዓት ፈርሞ ይገባል፣ ከመደበኛ ሠራተኛ እኩል ይሠራል፣ በየወሩ ይከፈለዋል። በአዋጁ አንቀጽ 4 መሠረት አንድ ሰው በአሠሪ መሪነት በደመወዝ ሊሠራ ከተስማማ የሥራ ውል አለ ማለት ነው። በወረቀቱ ራስጌ ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን ይህን አይለውጠውም። ከክፍያው ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ የሚቆረጥ ከሆነ ድርጅቱ ራሱ እንደ ሠራተኛ መዝግቦታል ማለት ነው።

ሕጉ የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

ስለ ሥራ መለወጥ በጣም ግልጽ የሆነው ድንጋጌ ያለው በሁለተኛው ዓይነት ላይ ነው። አንቀጽ 50 አሠሪው ተለማማጁን ከሥልጠናው ጋር በማይገናኝና ለሥልጠናው በማይጠቅም ሥራ ላይ እንዳያሰማራው ይከለክላል። አንቀጽ 51 ደግሞ ተለማማጁ መቼ መውጣት እንደሚችል ይናገራል። አሠሪው ግዴታውን ካልፈጸመ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ይችላል። አሠሪው የውሉን ቃል በራሱ ፈቃድ ብቻ ከለወጠ ግን ያለ ማስጠንቀቂያም መውጣት ይችላል። ጤናውን ክፉኛ እንደሚጎዳው በሐኪም ማስረጃ ካሳየም እንደዚያው ነው።

ይህን ያነበበ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «በቃ፣ መብቴ ነው» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 3 ላይ ከሙያ ልምምድ ውል በስተቀር ለትምህርት ወይም ለሥልጠና የሚደረጉ ውሎችን ከሽፋኑ ውጪ ያደርጋል። በትብብር ደብዳቤ የሄደ ተማሪ ደግሞ በመንግሥት አካል የተረጋገጠ የልምምድ ውል ብዙውን ጊዜ በእጁ የለም። ስለዚህ አንቀጽ 50ንና 51ን በቀጥታ ልጥቀስ ቢል ድርጅቱ «አንተን አይመለከትህም» የሚልበት በቂ መሠረት አለው።

በዚህ ላይ ክርክር አለ። አንዳንዶች ተማሪው በተጨባጭ እንደ ሠራተኛ ከዋለ የአዋጁ ጥበቃ ሊደርሰው ይገባል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ትምህርት ላይ ያለን ሰው ሠራተኛ ማለት ድርጅቶችን አስፈርቶ በር ያስዘጋል ይላሉ። የኔ ግምት፣ ክፍያ ለሌለውና ከዩኒቨርሲቲ ለተላከ ተማሪ የመጀመሪያው ክርክር በተግባር ሩቅ አያስኬድም። ደመወዝ ለሚከፈለው ምሩቅ ግን ጠንካራ ነው።

ታዲያ ተማሪው ባዶ ሜዳ ላይ ነው ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። ድርጅቱና ተማሪው የፈረሙት ቅጽ ላይ የሥራ ዝርዝር ከተጻፈና ሁለቱም ሊገደዱበት አስበው ከፈረሙ፣ ያ ስምምነት እንደ ማንኛውም ውል ሊታይ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 አንደኛው ወገን ውሉን አልፈጸመም ለማለት መጀመሪያ ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል ይላል። በማስጠንቀቂያው ላይ የጊዜ ገደብ ማስቀመጥም ይቻላል። አልፈጽምም ብሎ ራሱ በጽሑፍ ካሳወቀ ግን ማስጠንቀቂያው አያስፈልግም።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ፍርድ ቤት ለመሄድ አይደለም። ክፍያ የሌለው ተማሪ ከስሶ የሚያገኘው ካሳ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። የሚጠቅመው ዩኒቨርሲቲው ፊት ሲቀርብ ነው። መጀመሪያ አሳወቀ፣ ጊዜ ሰጠ፣ ካልተስተካከለ በኋላ ወጣ የሚል ቅደም ተከተል ያለው ተማሪና አንድ ቀን ድንገት የጠፋ ተማሪ የሚስተናገዱት በተለያየ መንገድ ነው።

ሥራው ለምን ይለወጣል?

ብዙ ጊዜ ተንኮል የለበትም። ደብዳቤው የሚገባው ለሥራ አስኪያጁ ነው፤ ተማሪውን የሚያሠራው ሳይት ላይ ያለው ሰው ደግሞ ደብዳቤውን አይቶት አያውቅም። ምን እንዲማር እንደታሰበ ሳያውቅ አንድ ተጨማሪ ሰው ይመጣለታል። የጎደለው ቦታ ላይ ይመድበዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ደብዳቤው ራሱ ነው። «ተማሪያችን በሙያው እንዲለማመድ እንድትተባበሩን» የሚል ብቻ ከሆነ ተለወጠ የሚባል ሥራ የለም። ያልተጻፈ ነገር አይጣስም። ብዙ ቅሬታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የድርጅቶቹም በኩል መሰማት አለበት። አንድ ሳይት መሐንዲስ የክፍያ ሰርተፊኬት የሚያዘጋጅ ሰው ሲፈልግ ስህተቱ ገንዘብ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ለመጣ ልጅ አሳልፎ አይሰጥም። በዚያ ላይ በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ከከተማ ውጪ ያሉ ፕሮጀክቶች ላይ መመደብ ከባድ ሆኗል። ባሕር ዳር ውስጥ ያለው ቦታ ላይ የሚሻማው ተማሪ በዛ። ቦታ ሲያንስ ተማሪው የመደራደር አቅም ያጣል፤ «ካልተመቸህ ሌላ ይመጣል» የሚባልበት ጊዜ ነው። ነጻ ጉልበት አገኘሁ ብሎ ቋሚ ሠራተኛ ሳይቀጥር በተማሪ እየተካ የሚሠራም አለ። ይህን ከሌላው መለየት የሚቻለው ጥያቄ በጽሑፍ ሲቀርብለት በሚሰጠው መልስ ነው።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር፦ ስቶር ጠባቂ የሆነችው ተማሪ

ለማሳያ እንዲህ ያለ ሁኔታ እንውሰድ። አንዲት የአራተኛ ዓመት የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ በሐይቁ ዳር አካባቢ በሚሠራ የጂ ፕላስ አራት ሕንፃ ላይ ተመደበች። የልምምዱ ጊዜ አራት ወር ነው። ድርጅቱ በፈረመው ቅጽ ላይ ሦስት ሥራዎች ተዘርዝረዋል። አንደኛው ቴክ ኦፍ ነው፤ ይኸውም ከፕላኑ ላይ የሥራውን መጠን ለክቶ ማውጣት። ሁለተኛው የባር ሼዱል ማዘጋጀት ነው፤ የፌሮውን ዓይነት፣ ርዝመትና ብዛት በሠንጠረዥ መሥራት። ሦስተኛው የአርማታ ጥራት ፍተሻን መከታተል ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስቶር ኪፐሩ ለቀቀ። ሳይት መሐንዲሱ «እህቴ፣ ሰው እስክናገኝ ስቶሩን ያዢልን» አላት። እሺ አለች። ሦስተኛው ሳምንትም በዚያው አለቀ።

መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ከስምምነቱ ውጪ ነው ወይ የሚለው ነው። ስቶር ውስጥ መዋል በራሱ መልስ አይደለም። ሲሚንቶ መቁጠር ትምህርት የሚሆንበት መንገድ አለ። በአገራችን የሥራ ዝርዝሮች ላይ ሲ 25 ለሚባለው አርማታ በብዛት የሚጻፈው በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ነው። በ50 ኪሎ ከረጢት ሲሰላ 7.2 ከረጢት ይሆናል። ዛሬ 10 ሜትር ኩብ ስላብ ከተሞላ ከስቶር መውጣት ያለበት ወደ 72 ከረጢት ነው፤ ብክነቱ በላዩ ይታሰባል። 60 ብቻ ከወጣ አርማታው ሳስቷል ወይም ልኬቱ ተሳስቷል። 90 ከወጣ ሲሚንቶው ሌላ ቦታ ሄዷል። ተማሪዋ የተሞላውን መጠን ራሷ ለክታ ከወጣው ሲሚንቶ ጋር እንድታመሳክር ከተደረገ፣ ይህ በቅጹ ላይ ከተጻፈው የቴክ ኦፍ ሥራ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ቁልፍ ይዛ በር ላይ ተቀምጣ ፎርማኑ የጠየቀውን እየቆጠረች የምትሰጥ ብቻ ከሆነ ግን የስቶር ኪፐር ሥራ ነው። መለያው «ይህ ሥራ ከተጻፉት ሦስቱ የትኛውን ያስተምረኛል?» የሚለው ነው። ለጥያቄው መልስ ከጠፋ ሥራው ተለውጧል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማስረጃ ነው። ተማሪ ሁሉ የዕለት መዝገብ አለው፤ ሎግ ቡክ ይባላል። ችግሩ አብዛኛው ተማሪ መዝገቡን የሚሞላው ለውጤት ብሎ ነው። ቀኑን ሙሉ ስቶር ውላ «የአርማታ ሙሌት ሥራ ተከታተልኩ» ብላ ትጽፋለች። ተቆጣጣሪውም ይፈርምበታል። በኋላ «የተባልኩትን ሥራ አላሠሩኝም» ስትል የራሷ መዝገብ ተቃራኒውን ይመሰክርባታል። ስለዚህ መዝገቡ የሆነውን መያዝ አለበት፦

ሰኞ። ጠዋት 120 ከረጢት ሲሚንቶ ተቀብዬ ቆጠርኩ። ከሰዓት ፌሮና ሚስማር አከፋፈልኩ። የቴክ ኦፍ ሥራ የለም።

ማክሰኞ። ስቶር። የሁለተኛ ፎቅ ስላብ ሲሞላ ስላምፕ ተለክቷል፤ እኔ አልተገኘሁም።

ስላምፕ የአርማታውን ርጥበትና ልስላሴ ሳይት ላይ በብረት ቅርጽ የሚለኩበት ፍተሻ ነው። የማክሰኞው መስመር ከባድ የሆነው ለዚህ ነው። ፍተሻው እዚያው ግቢ ውስጥ ተካሂዷል፤ እሷ ግን የስቶር ቁልፍ ይዛ ነበር። ድርጅቱ «የሚያስተምራት ሥራ አልነበረም» ማለት አይችልም።

እዚህ ላይ የጊዜ ነገርም አለ። ከተሞላው አርማታ የሚወሰደው ኪዩብ የሚባለው ናሙና በአብዛኛው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይፈተሻል። አንድን ሙሌት ከስላምፕ እስከ 28ኛው ቀን ውጤት መከታተል የፈለገ ተማሪ አራት ሳምንት ያስፈልገዋል። ቅሬታዋን ሦስተኛው ወር ላይ ብታነሳ ሊካስ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ብታነሳ ግን ሙሉው ይደርሳል። «ትንሽ ልታገስ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ ደህና አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ደብዳቤው

መጀመሪያ በቃል ማንሳት ተገቢ ነው። ሳይት መሐንዲሱን ለብቻው አግኝቶ «ኢንጂነር፣ ቅጹ ላይ የተጻፈው ሥራ እያለፈኝ ነው፤ እንዴት እናድርግ?» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቅጹን ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይም አይጠፋም። በሁለት በሦስት ቀን ካልተለወጠ ግን ወደ ወረቀት ማለፍ ነው። ረጅም መሆን የለበትም፦

«ጉዳዩ፦ በስምምነቱ ላይ በተጻፈው ሥራ ላይ እንድመደብ ስለመጠየቅ። በድርጅታችሁ በልምምድ ላይ እገኛለሁ። በተፈራረምነው ቅጽ ላይ ቴክ ኦፍ፣ ባር ሼዱልና የአርማታ ጥራት ፍተሻ ተዘርዝረዋል። ካለፉት 12 የሥራ ቀናት 10ሩን ያሳለፍኩት በስቶር ሥራ ነው። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን በተዘረዘሩት ሥራዎች ላይ እንድመደብና መልሱ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለአማካሪ መምህሬ፣ ለዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስር ጽሕፈት ቤት።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስድብ የለም፣ «በደሉኝ» የሚል ቃልም የለም። የተጻፈው ሥራ፣ የተሠራው ሥራ፣ የሚፈለገው ማስተካከያና ቀነ ገደብ ብቻ ነው ያለው። ለዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገቢ ይደረጋል። ቅጂው ላይ የገቢ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን ማስመታት አይረሳም። ሳይቱ መዝገብ ቤት ከሌለው የተቀበለው ሰው ቅጂው ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርም፤ ፎቶውን በቴሌግራም ለተቆጣጣሪውና ለአማካሪው መላክም ይጠቅማል።

ግልባጩ ከሁሉም በላይ ሥራ ይሠራል። ድርጅቱ ከአንዲት ተማሪ ጋር መጣላቱ ላያስጨንቀው ይችላል። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያለው ግንኙነት ግን ያሳስበዋል። አማካሪው መምህርም ከዚያ ቀን በኋላ አላወቅኩም አይልም።

መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ተቀብለው ያስተካክላሉ፤ ያኔ ነገሩ አለቀ። ዝም ይላሉ፤ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ዝምታው ራሱ ማስረጃ ነው። ወይም ግማሽ መንገድ ይመጣሉ፦ «ሁለት ቀን ስቶር ሁኚ፣ ሦስት ቀን ቢሮ ግቢ።» የመጨረሻው ቀኑ ተቆጥሮ ከተጻፈ መቀበል ይሻላል ባይ ነኝ። «እናያለን» ከሆነ ግን ሌላ ሦስት ሳምንት ይበላል።

ይህን ሁሉ መጠበቅ የማያስፈልግበት ሁኔታም አለ። ያለ መከላከያ ገመድ እስካፎልዲንግ ላይ ውጣ የተባለ፣ የጾታ ትንኮሳ የደረሰበት ወይም የሐሰት ሰነድ ላይ ፈርም የተባለ ሰው ቀነ ገደብ ሰጥቶ አይጠብቅም። በዚያው ቀን ወጥቶ በዚያው ቀን ለአማካሪው በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ትንኮሳው ወንጀል ሊሆን ስለሚችል ለፖሊስም ይነገራል። በተለይ ተማሪ ሠራተኛ ካልተባለ ለሥራ ላይ ጉዳት በአዋጁ የተቀመጠው ክፍያ ሊያልፈው ስለሚችል አደጋ ላይ መድፈር ለእሱ ከሌላው የባሰ ነው።

የሚከፈለው ኢንተርንስ?

ደመወዝ የሚከፈለውና በተግባር የተቀጠረ ሰው ሒሳቡ ይለያል። ውሉ ላይ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ከተቀመጠ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ሥራው የተባለው እንዳልሆነ የሚታወቀው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ ይህ ጊዜ ዋጋ አለው፤ ሳይጠቀሙበት ማሳለፍ ያስቆጫል።

ከሙከራ በኋላ ወይም የሙከራ ጊዜ ካልተጻፈ መደበኛው መንገድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ ለመውጣት ምክንያቱ በአንቀጽ 32 ከተዘረዘሩት አንዱ መሆን አለበት። ከነዚህ አንዱ አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን በተደጋጋሚ አለመፈጸሙ ነው። አንቀጽ 12 ደግሞ በውሉ መሠረት ለሠራተኛው ሥራ መስጠትን ከአሠሪው ግዴታዎች መካከል ያስቀምጣል። ሁለቱ ሲያያዙ የሥራ መለወጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ «በተደጋጋሚ» የሚለውን ለማሳየት ግን ቢያንስ ሁለት የጽሑፍ ጥያቄ መያዝ ይሻላል። ምክንያቱንና የሚወጣበትን ቀንም በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ ከ15 የሥራ ቀናት በኋላ ይቀራል።

ሳያሳውቅ የሄደስ? «ሚሊዮን ትከፍላለህ» የሚል ማስፈራሪያ ይሰማል። አዋጁ ጣሪያ አስቀምጧል፦ የሠራተኛው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም፤ የሚታሰበውም ከቀሪ ክፍያው ላይ ነው። በትብብር ደብዳቤ ያለ ክፍያ የሄደ ተማሪ ደግሞ የሚቆረጥበት ደመወዝ የለውም፤ ካልፈረመው የካሳ ግዴታ ጋር የሚያያዝ ገንዘብ ሲጠየቅ ፊርማውን አሳዩኝ ማለት ይችላል።

ለተማሪው ትክክለኛው ዋጋ

የተማሪው ዋጋ በገንዘብ አይደለም፣ በጊዜ ነው። ውጤቱ የሚሠራው በድርጅቱ ተቆጣጣሪ ግምገማ፣ በአማካሪው ክትትል፣ በጽሑፍ ሪፖርትና በማቅረቢያው ተደምሮ ነው። ድርጅቱ ቅጹን ካልሞላ ልምምዱ እንዳልተጠናቀቀ ሊቆጠር ይችላል። ያኔ በሚቀጥለው ዙር መድገም ይመጣል፤ ምረቃም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣት በፊት ለትስስር ጽሕፈት ቤቱ የሚቀርበው ጥያቄ «ልውጣ ወይ?» የሚል ሳይሆን «ወደ ሌላ ድርጅት ብዛወር እስካሁን ያለፉት ሳምንታት ይያዙልኛል ወይ?» የሚል መሆን አለበት። መልሱም በጽሑፍ ይሁን። መምህሩ ስልክ ላይ «ችግር የለም» ያለው ቃል ውጤት በሚሞላበት ቀን ላይገኝ ይችላል።

በዚህ ጉዳይ «ቻለው» የሚሉት ወገኖች አንድ እውነት አላቸው። የቀረው ሁለት ሳምንት ከሆነና ቅጹ ሊሞላ ከሆነ መጨረስ ይቀላል። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ያለች ተማሪ ግን አሥራ ሦስት ሳምንት ይቀራታል። ለአሥራ ሦስት ሳምንት ስቶር መጠበቅ ትምህርቱን ማጣት ነው፤ ሪፖርቷም በማታውቀው ሥራ ይሞላል፤ ሪፖርቷን ስታቀርብ ስለ ስላምፕ ስትጠየቅ ይታያል። ለኔ ከዚህ በላይ ከባድ የሆነው ቀጣዩ ነው። አንድም ሰው በጽሑፍ ካላሳወቀ ትስስር ጽሕፈት ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ እዚያው ስቶር ይልካል።

የመውጫው ቀን

መውጣቱ ከተወሰነ የመጨረሻው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን ጠቅሶ ቀነ ገደቡ ማለፉን ይገልጻል፤ የመውጫውን ቀን ያስቀምጣል፤ የተሠራበትን ጊዜ የሚገልጽ የጽሑፍ ማስረጃም ይጠይቃል። በሙያ ልምምድ ውል ላይ ላለ ተለማማጅ ይህ ማስረጃ በአንቀጽ 52 የአሠሪው ግዴታ ነው። ለሌላውም መጠየቁ አይጎዳም፤ የሚሰጥ ድርጅት ብዙ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ርክክቡን ነው። ተማሪዋ የስቶር ቁልፍ ይዛለች። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ብትሄድ ከሳምንት በኋላ 40 ከረጢት ሲሚንቶ ጎደለ ቢባል ስሟ ነው የሚነሳው። ስቶሩን ስትረከብ ቆጠራ ስላልተደረገ ጉድለቱ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ከመውጣቷ በፊት በፎርማኑ ወይም በሳይት መሐንዲሱ ፊት ሲሚንቶው፣ ፌሮው በየዓይነቱና መሣሪያው ይቆጠራል። የገቢና የወጪ ደረሰኞቹ በቁጥራቸው ተራ ተዘርዝረው ይያያዛሉ። አስረካቢ፣ ተረካቢና እማኝ ሆነው ሦስት ሰዎች ይፈርማሉ፤ አንዱ ቅጂ በእሷ እጅ ይቀራል። ተረካቢ አልመድብም ካሉ ቆጠራው እንዲደረግ የጠየቀችበትን ቀን ጽፋ፣ ቁልፉን ከደብዳቤው ጋር በፖስታ አሽጋ መዝገብ ቤት ገቢ ታደርጋለች፤ ቁልፉ መረከቡም በቅጂው ላይ በማህተም ይጻፋል።